መስመሩ ከተከፈተ በኋላ

በደብረ ብርሃንና በደሴ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዘው ሕዝብ ከሚሳፈርባቸው ስፍራዎች አንዱ የላምበረት መናኸሪያ ነው፤ በዚህ መንገድ ግን ሰው ብቻ ተጉዞ አያውቅም። ስልክ በየኪሱ ከመግባቱ በፊት ደብዳቤው በሾፌር ወይም በረዳት እጅ፣ አለዚያም ወደዚያው በሚሄድ ዘመድ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣ ነበር። ያኔ መልስ ቢዘገይ የሚጠየቀው ብዙ ነበር፤ መልእክተኛው ረስቶት ይሆናል፣ መኪናው ተበላሽቶ ይሆናል፣ ተቀባዩ አገር ለቆ ይሆናል። ዛሬ ግን መልእክቱ በደቂቃ ደርሶ፣ ቀኑና ሰዓቱ በራሱ ላይ ታትሞበት፣ በተቀባዩ መዳፍ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚጠብቅ፣ የዘገየ መልስ የሚጠይቀው ሰው አንድ ብቻ ሆኗል። በዚህ ርዕሰ አንቀጽ ልንመለከተው የወደድነውም ይህ ሰው በመጨረሻ ብዕሩን ሲያነሣ ለወዳጁ ምን ሊለው ይገባል የሚለውን ነው።

ጉዳዩ የግል ይመስላል፤ በአገራችን ግን የግል ብቻ ሆኖ አልቆየም። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነቱ ተቋረጠ። መቀሌን በመሰሉ አንዳንድ ከተሞች የስልክ አገልግሎቱ በዚያው ዓመት በከፊል ተመልሶ ለጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እንደገና ጠፋ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ በታኅሣሥ ወር የመቀሌ ስልክ ተመልሶ መጮኽ ጀመረ፤ በዚያው ወር በ19ኛው ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው የመንገደኞች በረራ መቀሌ አረፈ። ወራት እንዳለፉም በአማራ ክልል፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በብዙ ስፍራ ሳይመለስ ቆየ። እነዚህ ቀኖች ለታሪክ ጸሐፊው ይጠቅማሉ፤ እኛ ያነሣናቸው ግን ለመልስ ጸሐፊውም ስለሚያስፈልጉት ነው።

አንድ የላምበረት ነዋሪና መቀሌ የሚኖር የትምህርት ቤት ወዳጁን እናስብ። ነዋሪው ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ወዲህ የወዳጁን ድምፅ አልሰማም። ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ማግስት፣ የየካው ታቦተ ሚካኤል ወደ መንበሩ በሚመለስበት ዕለት፣ ከመንገዱ እልልታ መካከል ስልኩ ድምፅ ያሰማል። አውጥቶ ሲያየው የሚያውቀው ቁጥር ነው። መልእክቱ ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፦ «አለን። እማዬ ግን ባለፈው ክረምት አረፈች። እናንተስ እንዴት ናችሁ?»

ነዋሪው አነበበው፤ ቆመ፤ እንደገና አነበበው። እኚያን እናት ያውቃቸዋል፤ ቤታቸው በልቷል፣ አድሯል። ሊመልስ ጀምሮ «ነፍስ ይማር» ብሎ ከጻፈ በኋላ ለእርሳቸው ይህች ቃል አነሰችበትና አጠፋት። ማታ ረጋ ብዬ እጽፋለሁ አለ። ማታ ደከመው። በማግስቱ መደወል ይሻላል ብሎ አሰበ፤ ሲደውል ምን እንደሚል ግን አላወቀም። ሳምንቱ አለፈ፤ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ፋሲካ ሆነ። መልሱን የጻፈው መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ከ14 ወር በኋላ።

በዚህ ሰው እጅ አገሩ ያዘጋጀችለት የተሟላ ሰበብ አለ፦ «መስመር አልነበረም።» ማንም አይጠራጠረውም፤ ወዳጁ ራሱ ስለ መስመር መጥፋት ከእርሱ የበለጠ ያውቃልና። የሰበቡ ጉልበትም አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ከሰኔ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ያለው 18 ወር በእርግጥ የመስመሩ ነው፤ ለዚያ ጊዜ ማንም ከሁለቱ ወዳጆች አንዱንም አይወቅስም። ከጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. በኋላ ያለው 14 ወር ግን የሰውዬው ነው። ሁለቱን ዝምታዎች በአንድ ስም ጠርቶ፣ የራሱን 14 ወር ከመስመሩ 18 ወር ጋር አስሮ፣ «ያው እንደምታውቀው ዘመኑ…» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንዲትም ቃል ሳይዋሽ ዋሽቷል። ከዚህም የከፋው፣ ወዳጁ በእውነት የተጎዳበትን ነገር ለራሱ ስንፍና መሸፈኛ ጋቢ አድርጎ መልበሱ ነው።

ስለዚህ የዘገየ መልስ ለሚጽፍ ሰው የመጀመሪያው ሥራ ሒሳብ ነው ብለን እናምናለን። መልእክቱ መቼ ደረሰ? መቼ አነበብኩት? በዚያ መካከል እንዳልመልስ በእውነት የከለከለኝ ነገር ስንት ቀን ቆየ? የቀረውስ? የሰበብ መለያው ርዝመቱ ነው፤ ከዘገየው ጊዜ ጋር ሲለካ ያጥራል። ሥራ በዝቶ ነበር የሚለው ለሳምንት ይበቃል፤ ስልክ ተሰርቆ ቁጥር ጠፋ የሚለው ሌላ የጋራ ወዳጅ እስኪገኝ ድረስ ይበቃል፤ ሕመም እስኪሻል ድረስ ይበቃል። 14 ወር የሚሸፍን ሥራ ግን የለም። በአማራ ክልል ወዳጅ ያለውም ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል፤ ኢንተርኔቱ በተዘጋበት ጊዜ የድምፅ ጥሪ የሚሠራባቸው ብዙ ከተሞች ነበሩና፣ «ኔት አልነበረም» የሚለው መልስ «ደውለህስ ነበር?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ጥያቄውን ወዳጁ በአፉ ላያወጣው ይችላል፤ በልቡ ግን ይጠይቀዋል።

ሒሳቡ ሲጠናቀቅ ሁልጊዜ አንድ የማያምር ምክንያት ይቀራል። በምሳሌያችን ያለው ሰው ያልመለሰው ወዳጁን ስለ ናቀ አይደለም፤ ሥራም ስለ በዛበት አይደለም። መጀመሪያ ለሐዘኑ የሚመጥን ቃል አጣ፤ በኋላ ደግሞ ቃል ቢያገኝም መዘግየቱ ራሱ አሳፈረው፤ ያፈረበት ነገር በየወሩ እየከበደ ስለሄደ፣ የሚያሳፍረውን ለማቃለል የሚበጀውን አንድ ነገር፣ መጻፍን፣ ይበልጥ ሸሸው። እውነቱ ይህ ነው፤ በአንድ ዐረፍተ ነገርም ይነገራል። ሰዎች ይህን ዐረፍተ ነገር የሚፈሩት ትንሽ ስለሆነ ይመስለናል። ትልቅ በደል ትልቅ ምክንያት እንዲኖረው ይፈልጋሉ፤ 14 ወር የፈጀ ዝምታ «አፈርኩ» በምትል አንዲት ቃል ሲገለጽ ወዳጃቸው የሚስቅባቸው ወይም የሚቆጣቸው ይመስላቸዋል። ነገር ግን የሚታመነው ይህች ትንሽ ምክንያት ናት፤ ሰሚው በራሱ ሕይወት ያውቃታልና።

ከሰበብ የሚሸሽ ሰው ብዙውን ጊዜ ሮጦ የሚወድቀው ሌላኛው ገደል ውስጥ ነው። ባህላችን ለይቅርታ የከበረ ሥርዓት አለው፤ ደም የተፋሰሱ ሰዎች በሽማግሌ ፊት ሲታረቁ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ «ስለ እግዚአብሔር» ሲባል ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያወርድለታል። ሥርዓቱ ታላቅ የሆነው ጉዳዩ ታላቅ ስለሆነ ነው። ለዘገየ መልእክት ድንጋይ መሸከም ግን ሥርዓቱንም ወዳጁንም ያስቸግራል። «እኔ ሰው አይደለሁም፤ እግርህ ሥር ብወድቅ አይበቃኝም፤ ምን ፊት ይዤ አይሃለሁ» የሚል መልእክት ሲደርሰው መቀሌ ያለው ሐዘንተኛ ምን ያደርጋል? ጨዋ ነውና «ኧረ ተወው፣ ምንም አይደል» ይላል። እናቱን የቀበረው ሰው አዲስ አበባ ያለውን ያጽናናል ማለት ነው። ለቅሶ ደራሹ ተለቃሽ ሆነ። ይህ ዓይነቱ ይቅርታ በትሕትና ቋንቋ ቢጻፍም፣ የሚያወራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ጸሐፊው ነው፤ እናቲቱ በውስጡ ቦታ የላቸውም። በዚህ ላይ ወዳጁ ሊቆጣ ቢፈልግ እንኳ መብቱን ቀድሞ ይነጥቀዋል፤ መሬት ላይ የወደቀን ሰው ማን ይቆጣዋል?

ስለዚህ እኛ የምንፈርደው እንዲህ ነው፤ ይቅርታው አንድ ጊዜ ይነገር፣ በተራ ቃል ይነገር፣ ምላሽ እንዲሰጠውም አይጠየቅ።

የቀረው የመልእክቱ ቦታ ሁሉ የመጀመሪያው መልእክት ነው። የዘገየ መልስ ሲጻፍ በብዛት የሚዘነጋው ይኸው ነው፤ ጸሐፊው ስለ መዘግየቱ ሲያስረዳ ገጹ ያልቅና፣ ወዳጁ የጠየቀው ጥያቄ እንደገና ሳይመለስ ይቀራል። ወዳጁ ሁለት ነገር ነግሮ አንድ ነገር ጠይቋል። መኖሩን ነግሯል፤ እናቱ ማረፋቸውን ነግሯል፤ እናንተስ እንዴት ናችሁ ብሏል። መልሱ እነዚህን ሦስቱን መንካት አለበት። ጊዜው በማለፉ የጠፋ ነገር ካለም እርሱ በስሙ ይጠራ። በምሳሌያችን ያለ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ እናቲቱ ያረፉት በ2014 ዓ.ም. ክረምት ነውና፣ መልእክቱ በጥር ሲደርስ አርባውና ሰማንያው ቢያልፍም ሙት ዓመታቸው ገና ነበር። ሰባት ወር ያህል ቀርቶት ነበር። ሰውዬው በጊዜው መልሶ ቢሆን ከላምበረት ተሳፍሮ፣ ወይም ያ ባይሆንለት ደውሎ፣ በሙት ዓመታቸው ዕለት ከወዳጁ ጋር መሆን ይችል ነበር። የዘገየው መልስ የበላው ይህን ዕለት ነው። «በጣም ዘገየሁ» ከሚል ሐረግ «ሙት ዓመቷ ሲታሰብ አልነበርኩም» የሚለው ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ስለ ጊዜ ያወራል፣ ሁለተኛው ስለ ሆነው ነገር።

መልካም መልስ ምን እንደሚመስል ሳናሳይ ማለፍ ፍርዱን ብቻ ሰጥቶ መሄድ ስለሚሆንብን፣ እኛ ብንጽፈው እንዲህ እንጽፈው ነበር፦

«ወዳጄ፣ እንደምን ሰንብተሃል። ጥር 12 የላክህልኝን መልእክት በዚያው ዕለት አንብቤዋለሁ፤ ስመልስልህ 14 ወር ሆኖታል። መስመር አልነበረም አልልህም፤ ነበር። ስለ እማማ ስትነግረኝ የምለው ጠፋኝ፤ ነገ እጽፋለሁ ስል ቆየሁ፤ ከዚያ ወዲያ መዘግየቴን አፍሬበት ዝም አልኩ። ሙት ዓመቷ ሲታሰብ ካንተ ጋር መሆን ሲገባኝ አልነበርኩም። ይቅርታ። እማማ ቤታችሁ ባደርኩ ቁጥር ጠዋት ሳልበላ አታስወጣኝም ነበር፤ ዛሬም ቁርስ ሳልበላ ከቤት ስወጣ ትዝ ትለኛለች። እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር፤ አንተንም ያጽናህ። እኛ ደህና ነን፤ ቤታችንም እዚያው ላምበረት ነው። እሑድ ከሰዓት እደውልልሃለሁ፤ ማንሣት ባትፈልግ አይከፋኝም።»

አንባቢ ይህን መልእክት ሲመረምር የሌለውን ነገርም ያስተውል። «ካሁን በኋላ በየሳምንቱ እደውላለሁ» የሚል ቃል የለበትም፤ 14 ወር ዝም ያለ ሰው የሚገባው ቃል ኪዳን አንድ እሑድ ብቻ ነውና፣ እርሱን ከፈጸመ ሁለተኛውን ያኔ ይናገራል። «እንደምታውቀው» የሚል የለበትም፤ ወዳጁ ያዘገየውን ምክንያት አያውቅም። «ይቅር በለኝ» ብሎ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄም የለበትም። ቁርሷ ደግሞ በአጋጣሚ አልገባችም፤ ጸሐፊው እኚያን እናት በእርግጥ ያውቃቸው እንደነበር የምታስመሰክር እርሷ ናት፤ በ14 ወር ውስጥ ያልተገኘው ለሐዘኑ የሚመጥን ቃልም ይህችው ነበረች። ጥር 12 ቀን ቢጻፍ ኖሮም ከዚህ የተለየ ቃል አያስፈልግም ነበር።

ይህ ሁሉ ወሰን አለው፤ እርሱንም መሸሸግ አይገባንም። ወዳጁ ላይመልስ ይችላል። መልሶ ሊቆጣ ይችላል፤ «ስልኬን በየቀኑ አየው ነበር» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ጸሐፊው ወደ ሰበቡ ተመልሶ «አንተ እኮ ያለንበትን ሁኔታ አታውቅም» ካለ የመጀመሪያው ሐቀኝነቱ ማባበያ ነበር ማለት ነው። እውነትን የተናገረ ሰው ሊመጣበት የሚችለውን አብሮ መቀበል አለበት፤ ዝም መባልንም ጭምር። ደግሞም ሁሉን መናገር ሐቀኝነት አይደለም። ከዘገየባቸው ወራት ውስጥ ሌላ ሰው የነገረው ምስጢር፣ የቤተሰቡ ሕመም ወይም የትዳሩ ችግር ካለበት፣ «በቤቴ ልነግርህ የማልችለው ነገር ነበር፤ እርሱ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ብቻ ነው የያዘኝ» ብሎ ማለፍ ይበቃል። የተዘጋ በር መኖሩን ማሳየት ውሸት አይሆንም፤ በሩ ላይ ያልሆነ ሥዕል መሣል ነው ውሸቱ።

እስካሁን የተናገርነው ለዜጋው ነው። ለሚመለከታቸውም የምንለው አለን፤ ዜጋው የራሱን ዝምታ ከመስመሩ ዝምታ ለይቶ እንዲናገር ስንጠይቅ፣ መስመሩ መቼ እንደተዘጋና መቼ እንደተከፈተ የሚያውቅበት መንገድ ሊኖረው ይገባልና። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል፤ ማንም ጠልፎ እንዳያነበው የተጠበቀ ደብዳቤ ጭራሽ እንዳይደርስ ሲደረግ የሚሰማን ግራ መጋባት ከዚህ ይነሣል። ያለፉት ዓመታት መቋረጦች ብዙዎቹ ያለ ማስታወቂያ ጀምረው፣ የሚያበቁበት ቀን ሳይነገር ቆይተው፣ በየወረዳው በተለያየ ቀን የተከፈቱ ነበሩ፤ ስለ መንስኤያቸው የተሰጡት መግለጫዎችም እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ውጤቱ መልእክት አለመድረሱ ብቻ አልነበረም። ለሁለቱ ወዳጆች ማን ዝም እንዳለ መለየት አልተቻለም፤ መቀሌ ያለው የላምበረቱን ቸልተኛ ነው ብሎ የጠረጠረበት ጊዜ ነበር፤ የላምበረቱ የመቀሌው ሞቷል ብሎ የፈራበት ሌሊት ነበር። መስመሩ ሲመለስም «ኔትወርክ አልነበረም» የሚለው ቃል የማይመረመር ስለሆነ፣ እውነተኛውም ሐሰተኛውም እኩል ያዘው።

የዚህን ተቃራኒ ከኤርትራ ጋር ከሃያ ዓመት መለያየት በኋላ አይተነዋል። በ1990 ዓ.ም. የተቆረጠው የስልክ መስመር ሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲከፈት፣ ቀጥታ መደወል የተቻለው በዚያው ሰሞን ነበር፤ ሰው የማያውቀውን ቁጥር ሳይቀር እየመታ ደወለ። በሃያው ዓመት ውስጥ የማን ዝምታ እንደነበር ለሁሉም ግልጽ ስለነበር ማንም ማንንም አልጠየቀም። መቋረጡ የታወቀ፣ ቀኑም የታወቀ ሲሆን ወዳጅነት እንዴት ሳይበላሽ እንደሚቆይ ያሳየ አጋጣሚ ነው፤ የኋለኛዎቹ መቋረጦች ግን ይህን ዕድል እንኳ አልሰጡም።

ስለዚህ የግንኙነት አገልግሎትን የሚያስተዳድሩና የሚቆጣጠሩ አካላት፣ በምንም ምክንያት ይሁን አገልግሎት በተቋረጠ ቁጥር፣ የተቋረጠበትን ቀን፣ አካባቢውን፣ የተቋረጠው ድምፅ ይሁን የጽሑፍ መልእክት ወይስ ኢንተርኔት፣ እንዲሁም የተመለሰበትን ቀን ለሕዝብ በይፋ እንዲያሳውቁ፣ ያለፉትንም መቋረጦች በዚሁ ዓይነት መዝግበው እንዲያወጡ እንጠይቃለን። መዝገቡ የተቆረጠውን ጨዋታ አይመልስም። የመስመሩን ወራት ከሰው ወራት ግን ይለያል።

መዝገቡ እስኪወጣ ደግሞ የየአንዳንዱ አንባቢ ስልክ የራሱን መዝገብ ይዟል። ያልመለሰው መልእክት ያለው ሰው ዛሬ ከፍቶ ከላዩ ያለውን ቀን ያንብብ፤ መልሱንም በዚያ ቀን ይጀምር።